ንግዱ ተሸጠ፣ ኪራዩን ማን ይከፍላል?

እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት፣ ናሽቪል ከተማ አካባቢ፣ አንድ ነጋዴ ባዶ መሬት ተከራየ። ጎ-ካርት የሚባሉ ትንንሽ መኪኖች የሚነዱበት ሜዳ ሠራ፣ አስፋልት አነጠፈ፣ አጥር አጠረ፣ መብራት ዘረጋ። ኪራዩ በወር 350 ዶላር ወይም ከገቢው 15 በመቶ፣ ከሁለቱ የበለጠው ነበር። ሥራው ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ ንግዱን የሚገዛ ሰው መጣ።

ሦስቱ ተስማሙ። አከራዮቹ የኪራዩን ዘመን እስከ ሐምሌ 1962 አራዘሙና ነጋዴው ቦታውን ለገዢው መልሶ እንዲያከራይ ፈቀዱ። ፈቃዱ ግን ቅድመ ሁኔታ ነበረው፤ የመጀመሪያው ተከራይ ለውሉ አፈጻጸም በግሉ ተጠያቂ ሆኖ ይቀጥላል። ነጋዴውም ይህንኑ ግዴታ በውሉ ላይ አስፍሮ ፈረመ፣ ገዢውም ከሥር ተቀበልኩ ብሎ ፈረመ።

ገዢው እስከ ኅዳር 1960 ከፈለና አቆመ። ቦታውን ግን አልለቀቀም። አከራዮቹ በቀጥታ ሲከሱት፣ «እኔ የተከራየሁት ከነጋዴው ነው፤ ከእናንተ ጋር ምንም ውል የለኝም» ሲል ተከራከረ። ክርክሩ መሠረት ነበረው። የፈረመው ወረቀት የሚለው መልሶ ማከራየትን ነው። በአሜሪካ ሕግ ደግሞ መልሶ ያከራየ ሰው ለሁለተኛው ተከራይ አከራዩ እርሱ ነው፤ ዋናው ባለንብረት ሁለተኛውን ተከራይ በቀጥታ ኪራይ አምጣ ሊለው አይችልም።

የቴነሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1964 ክርክሩን ውድቅ አደረገ። ዳኞቹ የጠየቁት፣ ነጋዴው ለራሱ ያስቀረው ምን እንደሆነ ነው። የቀረውን ዘመን አንድ ቀን እንኳ ሳያስተርፍ አስረክቧል፤ ገዢው ቢያጠፋ ቦታውን መልሶ የሚረከብበት መብትም አላስቀረም። ይህ ደግሞ ውሉን ማዛወር እንጂ መልሶ ማከራየት አይደለም። «በግሌ ተጠያቂ ሆኜ እቀጥላለሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገርም ይህን አይለውጠውም፤ ውሉን ያዛወረ ተከራይ ባይጽፈውም ተጠያቂነቱ አብሮት ይሄዳልና። በውጤቱም ውዝፉን ኪራይና በቦታው ላይ የተሠራውን የማንሳት ወጪ፣ በጥቅሉ 6,904 ዶላር ከ58 ሳንቲም፣ ገዢው እንዲከፍል ተወሰነ።

የዚህ ፍርድ ትምህርት በተለይ ምግብ ቤቱን፣ የገበያ ሱቁን ወይም የፀጉር ቤቱን በአሜሪካ ለሌላ ለሚያስተላልፍ ኢትዮጵያዊ ቅርብ ነው። ብዙ ሰው ባለንብረቱ ሲፈቅድ ነፃ የወጣ ይመስለዋል። ፈቃድ ግን ነፃ ማውጣት አይደለም። ፈቃዱ አዲሱ ሰው እንዲገባ ይፈቅዳል እንጂ አሮጌውን ተከራይ ከፊርማው አያላቅቀውም። ለመላቀቅ ባለንብረቱ «ከዚህ ቀን ጀምሮ የመጀመሪያውን ተከራይ ከግዴታው ሁሉ አሰናብቻለሁ» ብሎ ለይቶ መፈረም አለበት።

ገንዘቡን እናስላው። አንዲት ሴት ምግብ ቤቷን በ120,000 ዶላር ሸጠች እንበል። ኪራዩ በወር 6,000 ዶላር ነው፣ ከውሉም አራት ዓመት ይቀራል። የቀረው ኪራይ 288,000 ዶላር ይሆናል። ገዢው በስድስተኛው ወር ዘግቶ ቢሄድ፣ ከሽያጩ ያገኘችውን ሁሉ ብትመልስ እንኳ ዕዳው ላይሸፈን ይችላል። በብዙ ግዛቶች ባለንብረቱ ሌላ ተከራይ ለማግኘት መጣር ስላለበት ሙሉው ገንዘብ ላይጠየቅ ይችላል፤ ያም ሆኖ ሱቁ ባዶውን የሚቆይባቸው ወራት ራሳቸው ከባድ ናቸው።

ታዲያ ባለንብረቱ እንኳን ሊያሰናብታት፣ ላለመፍቀድስ ይችላል? ይህ እንደ ግዛቱ ይለያያል። በካሊፎርኒያ አንድ ታዋቂ ጉዳይ አለ፤ በሳን ሆዜ አውሮፕላን ማረፊያ የአውሮፕላን ማቆሚያ ቦታ የያዘ ሰው በ1981 ንግዱን ለመሸጥ ተስማማ። ገዢዎቹ ከእርሱ የበለጠ ሀብት ነበራቸው። አከራዩ ግን ለፈቃዱ ኪራይ እንዲጨመርና ውሉ እንዲጠብቅ ጠየቀ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1985 የንግድ ኪራይ ውል ፈቃድ ያስፈልጋል ብሎ መለኪያውን ካላስቀመጠ፣ አከራዩ ሊከለክል የሚችለው ከንግድ አንጻር ተገቢ በሆነ ምክንያት ብቻ ነው ሲል ፈረደ። የገዢው የመክፈል አቅም ወይም ንግዱ ለቦታው ተስማሚ መሆኑ ተገቢ ምክንያት ነው፤ ኪራይ ለማስጨመር አጋጣሚውን መጠቀም ግን አይደለም። ኒውዮርክን በመሳሰሉ ግዛቶች ግን ውሉ ዝም ካለ አከራዩ ያለ ምክንያት ሊከለክል ይችላል። ስለዚህ መለኪያውን ፍርድ ቤት ይጨምርልኛል ብሎ መጠበቅ አደገኛ ነው፤ ገና የመጀመሪያው ውል ሲፈረም መጻፍ ይሻላል።

ለምሳሌ አንቀጹ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «አከራይ ፈቃዱን ያለ ተገቢ ምክንያት አይከለክልም። ተከራይ የገዢውን የሂሳብ መግለጫ፣ የሥራ ልምድና የዝውውሩን ረቂቅ ካቀረበበት ቀን አንሥቶ በ30 ቀን ውስጥ አከራይ በጽሑፍ ይመልሳል፤ ከከለከለ ምክንያቱን ይገልጻል። በጊዜው ካልመለሰ እንደፈቀደ ይቆጠራል።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ወሳኝ ናት። እርሷ ከሌለች አከራዩ ዝም ብሎ ሲከርም ገዢው ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል።

ባለንብረቶች በአብዛኛው አላሰናብትም ይላሉ። ያን ጊዜ ድርድሩ ተጠያቂነቱን ወደ መገደብ ይዞራል፣ እዚህም ላይ ነው ሻጮች በጣም የሚዘናጉት። ከሁሉ የሚቀድመው ማስታወቂያ ነው። ገዢው ኪራይ ሲያጓድል ባለንብረቱ ለሻጯም በጽሑፍ እንዲያሳውቃት፣ ከፍላ ጉድለቱን የምታስተካክልበትም ጊዜ እንዲሰጣት መጻፍ አለበት። ይህ ከሌለ ስምንት ወር የተከማቸ ውዝፍ በአንድ ቀን ከፍርድ ቤት መጥሪያ ጋር ይደርሳታል። ከፍላ ዝም ብላ እንዳትቀር ደግሞ፣ ከገዢው ጋር በምትዋዋለው ላይ ጉድለት ሲኖር ቦታውን መልሳ የምትረከብበትን መብት ታስገባለች። የናሽቪሉ ነጋዴ ያላስቀረው ይህንን ነው።

ሁለተኛው የጊዜ ገደብ ነው። ውሉ ለተጨማሪ አምስት ዓመት የማራዘም ምርጫ ካለው፣ ገዢው ሲያራዝም የሻጯም ተጠያቂነት አብሮ ሊራዘም ይችላል፤ ምርጫው እርሷ በፈረመችው ውል ውስጥ ነበረና። ስለዚህ «ተጠያቂነቷ አሁን ባለው ዘመን ማብቂያ ያበቃል፤ ያለ እርሷ ስምምነት በተደረገ የኪራይ ጭማሪ ወይም ለውጥ አትጠየቅም» የሚል ቃል ያስፈልጋል። አንዳንድ ባለንብረቶች ገዢው አንድ ዓመት ሳያጓድል ከከፈለ ሻጯን ለማሰናበት ይስማማሉ፤ መጠየቁ አይከፋም።

በሌላ በኩል መልሶ መከራየትን የመረጠ ሰው የሚፈራው ሌላ ነገር አለ። ዋናው ውል ከፈረሰ የእርሱም ውል አብሮ ይወድቃል፤ ኪራዩን አንድም ቀን ሳያሳልፍ ከፍሎ እንኳ ሊለቅ ይችላል። ለዚህ ከባለንብረቱ ዘንድ የተለየ ደብዳቤ ይጠየቃል፦ ዋናው ውል ቢቋረጥ ሁለተኛውን ተከራይ በዚያው ኪራይና ዘመን በቀጥታ እንደሚቀበል የሚገልጽ። ደብዳቤው ገዢው ለዕቃና ለእድሳት ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት መፈረም አለበት፤ ከዚያ በኋላ ባለንብረቱን የሚያስቸኩል ነገር አይኖርም።