በቀን አሥራ ሁለት ገጽ፣ ከዚያ መጽሐፉን መዝጋት

ብዙ አንባቢ አምና ያነበበውን መጽሐፍ ርዕስ ይጠራል፤ የሽፋኑን ቀለም ሳይቀር ያስታውሳል። «ስለ ምን ነበር?» ሲሉት ግን «ደስ ይላል፣ አንብበው» ብሎ ያልፋል። ባለ ሥራና ባለ ትዳር ሰው ለንባብ ያለችውን ጥቂት ሰዓት እንዲህ ማፍሰሱ ያስቆጫል።

ገጹን የመጨረሱ ነገር በሒሳብ የሚፈታ ነው። 300 ገጽ ያለውን መጽሐፍ በ30 ቀን ከማካፈል በ25 ማካፈል ይሻላል፤ ልቅሶ፣ ሰርግና የወር መጨረሻ ሪፖርት አምስቱን ቀን መውሰዳቸው አይቀርም። በቀን 12 ገጽ ይደርሳል ማለት ነው። በአሥር ደቂቃ ስንት ገጽ እንደሚሄዱ አንድ ጊዜ ሰዓት ይዘው ይለኩ። አምስት ገጽ ከሆነ 12ቱ ገጽ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ይህችን ጊዜ ቀድሞ ካለ ነገር ጋር ማያያዝ ነው፦ የመሥሪያ ቤት ሰርቪስ ላይ ሲቀመጡ፣ ወይም እራት በልተው ማዕድ ሲነሳ። አልጋ ላይ ለማንበብ የሚያስብ ግን ሦስተኛው መስመር ላይ ያንቀላፋል። ከቴሌግራም የወረደ ፒዲኤፍ የሚያነብም ከመጽሐፉ ይልቅ መልእክቱን ነው የሚያነበው።

በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎች አዲስ ልማድ ሲይዙ ተከታትለው ነበር። ድርጊቱ ሳያስቡት የሚመጣ ለመሆን በአማካይ 66 ቀን ፈጀ፤ ከሰው ሰው ግን በጣም ይለያያል። ለእኛ የሚጠቅመው ሌላው ግኝታቸው ነው፤ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላፈረሰውም። ስለዚህ ያመለጠውን ቀን በማግሥቱ 24 ገጽ በማንበብ ለመካስ መታገል አያስፈልግም፤ እነዚያ አምስት ቀናት የተተዉት ለዚህ ነው።

ማስታወሱ ይከብዳል። አብዛኞቻችን ቁም ነገር ስናገኝ ከሥሩ እናሰምራለን፣ ወይም ተመልሰን እናነበዋለን። ሁለተኛ ሲያነቡት ዓረፍተ ነገሩ ስለሚለመድ «ይህን አውቀዋለሁ» ያሰኛል። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች አንዱን ጽሑፍ ደግመው እንዲያነቡ፣ ሌላውን ግን ሳያዩ የሚያስታውሱትን እንዲጽፉ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ የተሻለ የታወሰው ተደግሞ የተነበበው ነው። ከሳምንት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ፤ ሳያዩ ከጻፉት 56 ከመቶ ሲታወስ፣ ደግመው ካነበቡት የቀረው 42 ከመቶ ነበር። የአብነት ትምህርት ቤት ልጅ ማታ ማታ ያለ መጽሐፍ በቃሉ ሲወጣ የኖረው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ እርሱ ቃል በቃል ይይዛል፣ እኛ ግን ሐሳቡ ይበቃናል።

አሠራሩን በምሳሌ እንየው። የያዙት ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የሚተርክ የታሪክ መጽሐፍ ነው እንበል። የዕለቱን 12 ገጽ ጨርሰው መጽሐፉን ይዝጉና በማስታወሻ ደብተር ላይ ሦስት መስመር ይጻፉ፦ ምን ሆነ? ለምን ሆነ? የተቃወመው ማን ነው? የመጀመሪያው ምሽት ብዙ ጊዜ ያሳፍራል። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተጎትቶ መቅደላ መውጣቱ ቁልጭ ብሎ ይመጣል፤ ካህናቱ ለምን ከንጉሡ እንደተጣሉ ግን ይጠፋል። ታሪኩ ቀርቷል፣ ምክንያቱ አምልጧል፤ መጽሐፍ ከአእምሮ የሚያፈስሰው በዚህ በኩል ነው። አሁን ከፍተው ያቺን ብቻ ይፈልጉ፦ ንጉሡ ሠራዊቱን ለመቀለብ ሲሉ ከቤተ ክርስቲያን መሬት ሊቀንሱ ተነሥተው ነበር። ይጻፉት። በማግሥቱ አዲሱን ገጽ ከመክፈትዎ በፊት ያንኑ ጥያቄ ራስዎን ይጠይቁ፤ እሑድ ደግሞ የሳምንቱን በሙሉ ደብተሩን ሳያዩ ለባለቤትዎ ወይም ለጓደኛዎ ይተርኩ። አድማጩ «ታዲያ ለምን?» ብሎ ሲጠይቅ ከተደናቀፉ የሚመለሱበት ምዕራፍ ታወቀ። ወሩ ካለቀ ከአራት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ መድገም አይጎዳም።

እዚህ ላይ የሚበላሸው መጽሐፉን ከፍቶ መጻፍ ነው። ያኔ ደብተሩ ያምራል፤ የጻፉት ግን ቅጂ ነው፣ አእምሮ አልሠራበትም።

ልብ ወለድን እንዲህ ማስጨነቅ አልወድም። ለእርሱ የገጸ ባሕርያቱን ስምና ዝምድና በገጽ ማመልከቻው ወረቀት ላይ መጻፍ፣ ከዚያም ማንበብ ከመጀመር በፊት «የት ላይ ነበርን?» ብሎ ማሰብ ይበቃል። ርዝመቱንም ማየት ያስፈልጋል፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከ500 ገጽ በላይ ስለሆነ በወር ልጨርሰው ያለ ሰው በቀን ከሃያ ገጽ በላይ ሊሮጥ ነው። ለእርሱ ሁለት ወር መስጠት ይሻላል።