በፈረንሳይኛ ወደ ራስ የሚመለሱ ግሶች

በፈረንሳይኛ ድርጊቱ ወደ ባለቤቱ ሲመለስ፣ ከግሱ በፊት ከባለቤቱ ጋር የሚስማማ አጭር ተውላጠ ስም ይገባል። «ላቬ» ማጠብ ነው፤ «ሰ ላቬ» መታጠብ። ለ«እኔ» «መ»፣ ለ«አንተ» «ተ»፣ ለ«እኛ» «ኑ»፣ ለ«እናንተ» «ቩ» ይባላል፤ ሦስተኛው መደብ በነጠላም በብዙም «ሰ» ነው።

አስቸጋሪው ክፍል ኃላፊ ጊዜ ነው። ረዳት ግሱ ሁልጊዜ «ኤትር» ቢሆንም፣ ዋናው ግስ በጾታና በቁጥር የሚስማማው ሁልጊዜ አይደለም። «ሜትር» የተባለው ግስ ልዩነቱን በጆሮ ያሰማል። «ኤል ሴ ሚዝ ኦ ትራቫይ» ሥራ ጀመረች ማለት ነው፤ «ሰ» ቀጥተኛ ተሳቢ ስለሆነ ግሱ የአንስታይ ቅርጽ ይይዛል። «ኤል ሴ ሚ ዱ ፓርፈን» ሲባል ግን ሽቶ ተቀባች ነው። እዚህ ቀጥተኛው ተሳቢ ከግሱ በኋላ የመጣው ሽቶ ነው፤ «ሰ» የሚለው «ለራሷ» ብቻ ስለሆነ ስምምነት የለም። ተሳቢው ከግሱ ቢቀድም ግሱ ከእርሱ ጋር ይስማማል፦ «ላ ክሬም ኬል ሴ ሚዝ»፣ የተቀባችው ክሬም። በአብዛኞቹ ግሶች ልዩነቱ አይሰማም፤ የሚታየው በጽሕፈት ብቻ ስለሆነ ፈረንሳዮችም ይሳሳቱበታል።

ተውላጠ ስሙ ትርጉምም ይለውጣል። «ራፕሌ» መልሶ መደወል ወይም ሌላውን ማስታወስ ሲሆን፣ «ሰ ራፕሌ» ራስ ማስታወስ ነው። አማርኛው «አስታወሰ» ሁለቱንም ስለሚሸፍን መምታታቱ አይገርምም። «ሰ ራፕሌ» በሰዋስው ደንብ ተሳቢውን ያለ «ደ» ይወስዳል፤ በንግግር ግን ብዙዎች «ደ» ይጨምሩበታል፣ ተመሳሳይ ትርጉም ያለው «ሰ ሱቭኒር» «ደ» ስለሚፈልግ።