ከክፍያ በኋላ የማዳበሪያ ዓይነት ወይም የመረከቢያ ቦታ ሲለወጥ ሒሳቡና መጋዘኑ እንዴት ይታረቃሉ?

በመሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ማዳበሪያ የሚወስድ አርሶ አደር አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡን የሚከፍለው ማዳበሪያውን ከመረከቡ አስቀድሞ ነው። በክፍያውና በርክክቡ መካከል ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ያልፋሉ። በዚህ ጊዜ የአርሶ አደሩ ዕቅድ ሊለወጥ ይችላል። ዝናቡ ዘግይቶ የሰብል ዓይነት ይቀይራል፤ ወይም በሌላ ቀበሌ ያለውን ማሳ ለማረስ ወስኖ ማዳበሪያውን እዚያው መረከብ ይሻላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን በቃል ብቻ ከተስተናገደ አንዱን አርሶ አደር ጠቅሞ፣ ገንዘቡን ከፍሎ ተራውን የሚጠብቀውን ሌላውን ባዶ እጁን ሊያስቀር ይችላል።

ድምሩ ትክክል ሆኖ ቆጠራው ሲሳሳት

ለስሌት እንዲያመች የኤን ፒ ኤስ ዋጋ በኩንታል 8 ሺህ ብር፣ የዩሪያ ደግሞ 7 ሺህ ብር ነው እንበል። አንድ አርሶ አደር 3 ኩንታል ኤን ፒ ኤስ እና 2 ኩንታል ዩሪያ ለመውሰድ 38 ሺህ ብር ከፍሎ ደረሰኝ ተቀብሏል። ከሳምንት በኋላ ጤፍ ሊዘራበት ያሰበውን ማሳ ለበቆሎ አደረገው፤ የግብርና ባለሙያውን አማክሮም 2 ኩንታል ኤን ፒ ኤስ እና 3 ኩንታል ዩሪያ እንዲሰጠው ጠየቀ።

የመጋዘን ሠራተኛው «ያው አምስት ኩንታል ነው» ብሎ ቢሰጠው፣ ከመጋዘኑ የወጣው ጠቅላላ መጠን ከደረሰኙ ጋር እኩል ይሆናል። ስለዚህ ጠቅላላ ኩንታል ብቻ የሚቆጥር ተቆጣጣሪ ስሕተቱን አያየውም። ቆጠራው በዓይነት ሲለይ ግን አንድ ኩንታል ኤን ፒ ኤስ ትርፍ፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ ጉድለት ይታያል። የጎደለው ዩሪያ ደግሞ ሌላ ሰው የከፈለበት ሊሆን ይችላል። አርሶ አደሩም ሊመለስለት የሚገባውን 1 ሺህ ብር ሳያገኝ ይቀራል።

በመጋዘን ያለው ሁሉ ነጻ አይደለም

ለውጡን ከመፍቀድ በፊት መታየት ያለበት መጋዘኑ ውስጥ የተደረደረው ብዛት ብቻ አይደለም። በመጋዘኑ 40 ኩንታል ዩሪያ ቢኖርና 38ቱ ተከፍሎባቸው ባለቤቶቻቸውን የሚጠብቁ ቢሆኑ፣ ለለውጥ ሊውል የሚችለው 2 ኩንታል ብቻ ነው። አርሶ አደሩ የጠየቀው አንድ ተጨማሪ ኩንታል ከዚህ ውስጥ ይያዝለታል፤ ነጻው ክምችትም ወደ 1 ኩንታል ይወርዳል። ከእርሱ ቀጥሎ 2 ኩንታል ቢጠየቅ፣ መጋዘኑ የሞላ ቢመስልም ማሟላት አይቻልም። በዚህ ምክንያት በመጋዘን መቆጣጠሪያ ካርድ ላይ «በእጅ ያለ»፣ «የተከፈለበት» እና «ነጻ» የሚሉ ሦስት ዓምዶች ቢኖሩ ለውጥ ፈቃጁ ሳይገምት መወሰን ይችላል።

ደረሰኝ አይሰረዝም፣ ይስተካከላል

በጣም የተለመደው ስሕተት የድሮውን ደረሰኝ በብዕር ደልዞ 37 ሺህ ብር ብሎ መጻፍ ነው። የዚያን ቀን ገቢ 38 ሺህ ብሩን ጨምሮ ተደምሯል፤ ባንክም ገብቷል። በደረሰኝ ጥራዙ ላይ የቀረው ቅጂም 38 ሺህ ይላል። አንዱ ወረቀት ሲደለዝ ሦስቱ ማስረጃዎች ይለያያሉ፤ ከወራት በኋላም የትኛው እውነት እንደሆነ ማረጋገጥ አይቻልም።

ትክክለኛው መንገድ የቀድሞውን ጽሑፍ ሳይነኩ ለውጡን በራሱ ቀን መመዝገብ ነው። ቁጥር ባለው የለውጥ ቅጽ ላይ 1 ኩንታል ኤን ፒ ኤስ ተመላሽ ሆኖ 8 ሺህ ብር ይቀነሳል፤ 1 ኩንታል ዩሪያ አዲስ ሽያጭ ሆኖ 7 ሺህ ብር ይደመራል። ልዩነቱ 1 ሺህ ብር በወጪ ማስረጃ ተፈርሞ ለአርሶ አደሩ ይመለሳል። ሽያጩ 38 ሺህ ሲቀነስ 8 ሺህ፣ ሲደመር 7 ሺህ፣ በድምሩ 37 ሺህ ብር ነው። በማኅበሩ እጅ የቀረው ገንዘብም 38 ሺህ ሲቀነስ 1 ሺህ፣ ያው 37 ሺህ ብር ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ። ለአዲሱ ዩሪያ የሚቆረጠው ደረሰኝ «ከተመላሽ የታሰበ» የሚል ካልተጻፈበት፣ ሒሳብ ሠራተኛው 7 ሺህ ብሩን በጥሬ ገንዘብ እንደገባ ይቆጥረዋል። በዚያን ዕለት ገንዘብ ያዡ ሳያጠፋ 7 ሺህ ብር የጎደለበት ይመስላል።

የማዳበሪያው ዋጋ በመካከሉ ከተለወጠም ያልተቀየሩት ኩንታሎች በተከፈሉበት ዋጋ ይቀጥላሉ። አዲስ የተጨመረው በየትኛው ዋጋ እንደሚታሰብ ግን ማኅበሩ አስቀድሞ ወስኖ ለሁሉም አባላት ማሳወቅ አለበት፤ አለበለዚያ ዋጋው እንደ ጠያቂው ማንነት ይለያያል።

የመረከቢያ ቦታ ሲቀየር

ቦታ ብቻ ሲለወጥ የማጓጓዣ ልዩነት ከሌለ የሽያጩ ድምር አይነካም። የሚለወጠው ማዳበሪያው ከየትኛው መጋዘን እንደሚወጣ ነው። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ የሚሆነውም በዚህ ነው። በመጀመሪያ አዲሱ መጋዘን ነጻ ክምችት እንዳለው አረጋግጦ ለአርሶ አደሩ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ የቀድሞው መጋዘን የያዘውን ይለቃል። የቀድሞው ቀድሞ ከለቀቀ የተለቀቀው ለሌላ ሊሰጥ፣ በአዲሱም ሳይገኝ ሊቀር ይችላል። አዲሱ መጋዘን ከሌለው ምንም ሳይለወጥ የመጀመሪያው መብት እንደጸና ይቆያል።

ሁለተኛው አደጋ በአንድ ክፍያ ሁለት ጊዜ መረከብ ነው። አርሶ አደሩ የያዘው ደረሰኝ አሁንም የቀድሞውን መጋዘን የሚጠቅስ ከሆነ፣ በሁለቱም ቦታ ማዳበሪያ ሊወጣበት ይችላል። ስለዚህ በአርሶ አደሩ ደረሰኝም ሆነ በጥራዙ ቅጂ ላይ የለውጥ ቅጹ ቁጥር ተጽፎ ማኅተም ይደረግበታል፤ የቀድሞው መጋዘን ጠባቂም ስሙን ከዝርዝሩ ማውጣቱን በፊርማ ያረጋግጣል።

ለውጡ የሚዘጋበት ጊዜ

ማዳበሪያው በአርሶ አደሩ ስም ወጪ ተደርጎ ከተጫነ በኋላ ጉዳዩ ለውጥ መሆኑ ያበቃል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ከረጢቱ ተመርምሮና ተመዝኖ የሚስተናገድ የዕቃ ተመላሽ ነው፤ የተከፈተ ወይም እርጥበት የነካው ከረጢት ወደ ክምችቱ ሊመለስ አይችልምና። ገንዘብ የሚቀበለው፣ ለውጡን የሚፈቅደውና ዕቃውን የሚያወጣው ሰውም አንድ መሆን የለበትም።

በየዕለቱ መዝጊያ ላይ ሁለት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ሽያጩ ተመላሹ ተቀንሶለት ከተያዘው ገንዘብ ጋር እኩል ነውን? በእያንዳንዱ የማዳበሪያ ዓይነት የተቆጠረው ከካርዱ ጋር ይስማማልን? ከሁለቱ አንዱ ካልተስማማ ፍለጋው የሚጀመረው ከዕለቱ የለውጥ ቅጾች ነው። አርሶ አደሩ በበኩሉ ከቢሮው ከመውጣቱ በፊት የለውጥ ቅጹን ቅጂ፣ ማኅተም ያረፈበትን ደረሰኝ እና ተመላሽ ካለው ገንዘቡን በእጁ መያዙን ሊያረጋግጥ ይገባል።