የሥራ ሰዓት ሲቀየር፦ ከማስታወቂያው በፊት መታሰብ ያለባቸው ተቃውሞዎች

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሙቀቱ የሚበረታው ዝናቡ ከመግባቱ በፊት፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ነው። ከሰዓት በኋላ በጋለ ቆርቆሮ ሥር ተቀምጦ ፋይል ማገላበጥ ከባድ ስለሆነ፣ በአገራችን ቆላማ አካባቢዎች የቢሮ ሥራ ወደ ማለዳ ይምጣ የሚለው ጥያቄ የቆየ ነው። የጋምቤላ ክልል በሙቀቱ ወቅት የመንግሥት ሥራ ሰዓትን ሲያሻሽል የታየውም ለዚሁ ነው። በሐሳቡ የሚከራከር ሠራተኛ ብዙ አይደለም። ማስታወቂያው በሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ግን ማጉረምረሙ ይጀምራል፤ ምክንያቱም ሰው የሚቃወመው አብዛኛውን ጊዜ ሙቀትን መሸሹን ሳይሆን አዲሱ ሰዓት በጠዋቱ፣ በምሳውና በማታው ላይ የሚያመጣውን ነው።

መነሻው የሳምንቱ ድምር ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ39 እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። የምናውቀው የቢሮ ሰዓትም የዚሁ ስሌት ነው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 6:30፣ ከቀኑ 7:30 እስከ 11:30 በመሥራት በቀን 8 ሰዓት ይሞላል። ዓርብ ለጁምዓ ስግደት ሲባል የጠዋቱ ክፍል 5:30 ላይ ስለሚያበቃ ቀኑ 7 ሰዓት ይሆናል። በግል ድርጅቶች የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ጣሪያውን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት አድርጎታል። ስለዚህ ሰዓት ይቀየራል ሲባል ሠራተኛው መጀመሪያ የሚያሰላው ይህንኑ ድምር ነው። ማስታወቂያው ድምሩን በግልጽ ካልጻፈ፣ አንዱ ሰዓት ተጨመረብኝ ሲል ሌላው ትርፍ ሰዓት ይከፈለኝ ይላል።

አሁን አንድ ጉዳይ እንመርምር። ቦታው ደብረ ዘይት ነው፤ ቢሾፍቱን ማለቴ ሳይሆን በመተከል ዞን የምትገኘውን የወንበራ ወረዳ ከተማ ነው። ወንበራ ከደጋማ ከፍታ እስከ ዓባይ ሸለቆ ቆላ የሚወርድ ወረዳ ነው። የመጀመሪያው ተቃውሞ ከዚሁ መልክዓ ምድር ይመጣል፦ «ሙቀቱ ቆላ ነው፣ እኛ ለምን?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ትክክለኛ ስለሆነ በማለፍ አይመለስም። ማሻሻያው የትኞቹን ጽሕፈት ቤቶችና ቀበሌዎች እንደሚመለከት፣ ደጋው ከተካተተም ለምን እንደተካተተ (ለምሳሌ ቆላ ካሉት ጋር የሥራ ግንኙነቱ እንዳይቋረጥ ከሆነ) መጻፍ አለበት።

እንበልና የወረዳው አንድ ጽሕፈት ቤት ከየካቲት 1 ጀምሮ ሥራ ከጠዋቱ 1:00 ይግባ ብሎ አሰበ። በወረቀት ላይ ያምራል። ነገር ግን ምዕራቡ የአገራችን ክፍል ከአዲስ አበባ ጋር በአንድ ሰዓት ቢቆጥርም ጸሐይ የምትደርሰው ዘግይታ ነው፤ መዘግየቱ ደብረ ዘይት ላይ ከአሥር ደቂቃ ያልፋል፣ አሶሳ ላይ ከሩብ ሰዓት ያልፋል። በየካቲት መጀመሪያ ደብረ ዘይት ላይ ጸሐይ የምትወጣው ራሱ 1:00 ገደማ ነው። አርባ ደቂቃ በእግር የምትሄድ ሠራተኛ 12:20 ላይ ከቤቷ ስትወጣ ገና ጨለማ ነው ማለት ነው። በሚያዝያ መጨረሻ ጸሐይ 12:20 አካባቢ ትወጣለችና ያው 1:00 ሰዓት ያን ጊዜ አያስቸግርም። አዲስ አበባ ወይም ድሬዳዋ ላይ የተሠራን ሰዓት እንዳለ ገልብጦ የሚለጥፍ ኃላፊ ይህን ተቃውሞ ሳያውቀው ይጠራዋል። ሴት ሠራተኞች በስብሰባ ላይ «ፈራሁ» ለማለት ስለሚከብዳቸው፣ ቅሬታው በቃል ከመምጣቱ በፊት በፊርማ መዝገቡ ላይ በመዘግየት ይታያል።

መፍትሔው ግማሽ ሰዓት ነው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከ1:30 እስከ 6:30፣ ከዚያም ከ9:00 እስከ 12:00 ቢሆን 8 ሰዓት ይሞላል። ዓርብ ከ1:30 እስከ 5:30 እና ከ9:00 እስከ 12:00 ቢሆን 7 ሰዓት ይሆናል። ድምሩ ያው 39 ነው። የቀትሩ ሙቀት በእረፍቱ ያልፋል፤ በእነዚያ ወራት ጸሐይ የምትጠልቀው ከ12:30 በኋላ ስለሆነም ወደ ቤት የሚመለስ ሰው ብርሃን አያጣም። ረጅሙ የቀትር እረፍት ዓርብ ለሰጋጁ ይመቻል፤ በዐቢይ ጾም የቀትሩን ቅዳሴ ለሚያስቀድሰውም እንዲሁ።

ቢሆንም ሁሉን አያስማማም። ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርስ ወላጅ 1:30 ላይ ቢሮ መገኘት ይከብደዋል። በማታ መርሐ ግብር የሚማር ሠራተኛ መውጫው ከ11:30 ወደ 12:00 ስለተገፋ ከክፍል ይዘገያል። ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ መጥቶ ቀትር ላይ የሚደርስ ባለጉዳይ በር ተዘግቶ ያገኛል። እነዚህን ሦስቱን ማስታወቂያው ራሱ ሊመልሳቸው ይገባል፤ መልሱም «ቅሬታ ቢኖርም» እያለ የተቃዋሚን ቃል በማስቀደም ሳይሆን እንደ ተወሰነ የአሠራር ሁኔታ ቢጻፍ ይሻላል። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ከየካቲት 1 እስከ ሚያዝያ 30 ድረስ በቀትር ሙቀት ምክንያት የጽሕፈት ቤታችን የሥራ ሰዓት ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከጠዋቱ 1:30 እስከ 6:30 እና ከቀኑ 9:00 እስከ 12:00፣ ዓርብ ከጠዋቱ 1:30 እስከ 5:30 እና ከቀኑ 9:00 እስከ 12:00 ይሆናል። የሳምንቱ ድምር እንደ ቀድሞው 39 ሰዓት ነው፤ በደመወዝና በዓመት እረፍት ላይ ለውጥ የለም። በማታ የሚማሩ ሠራተኞች የትምህርት ክፍለ ጊዜያቸውን ለሰው ሀብት ሥራ ክፍል ሲያቀርቡ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከ6:30 እስከ 7:00 ሠርተው 11:30 ላይ መውጣት ይችላሉ። ልጅ የሚያደርሱ ወላጆችም ማመልከቻ ሲያቀርቡ 2:00 ላይ ገብተው ከሰኞ እስከ ሐሙስ እስከ 7:00፣ ዓርብ እስከ 6:00 ይሠራሉ። በቀትር እረፍት አንድ የባለጉዳይ መስኮት በተራ ክፍት ይሆናል፤ ተረኛው የሠራበት ሰዓት በዚያው ሳምንት ይቀነስለታል። ሌላ ችግር ያለበት እስከ ጥር 22 በጽሑፍ ያቅርብ፤ መልስ እስከ ጥር 27 ይሰጠዋል።»

እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ምክንያቱ በአንድ ሐረግ ተነግሯል፤ ማብቂያ ቀኑም ታውቋል። ማብቂያ የሌለው ለውጥ ለዘለዓለም የመጣ ስለሚመስል፣ ለሦስት ወር የሚታገሠው ሠራተኛ ሁሉ ያኔ ተቃዋሚ ይሆናል። «የዘገየ ይቀጣል» የሚል ቃል የለበትም፤ የሥነ ሥርዓት ደንቡ አስቀድሞ ስላለ እዚህ መደገሙ ሠራተኛውን እንደ ጥፋተኛ ማስተናገድ ነው። «ከበላይ አካል በወረደው መሠረት» ብቻ ብሎ ማለፍም ጉዳት አለው፦ አንባቢው ምክንያቱን ስለማያገኝ በየቡናው ላይ የራሱን ይሠራል። በተቃራኒው ማንም ያላነሳውን ሥጋት በማስታወቂያ መመለስ ሥጋቱን መፍጠር ነው። ስለዚህ ከሁሉም ጋር የሚገናኘው ተቃውሞ በጽሑፍ ይግባ፣ የአንድ ሰው ጉዳይ በማመልከቻ ይታይ።

ወሳኙ ሥራ ያለው ከመለጠፉ በፊት ነው። የሠራተኛ ተወካይ፣ ጥበቃና ጽዳት፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ የትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ጤና ጣቢያ በየተራ ቢጠየቁ ረቂቁ ይሻሻላል። ጥበቃና ጽዳት በተለይ የሚረሱ ናቸው፤ ቢሮ 1:30 ከተከፈተ የሚጠርገው ሰው ከዚያ በፊት መግባቱ ግልጽ ቢሆንም የእሱን ሰዓት ማንም አይጽፈውም። የግል ድርጅት ከሆነ ደግሞ የሥራ ሰዓት አደረጃጀት በኅብረት ስምምነት ሊወሰን የሚችል ጉዳይ ስለሆነ፣ የሠራተኛ ማኅበሩን ሳያማክሩ መለጠፍ ማስታወቂያውን ወደ ሥራ ክርክር ሊወስደው ይችላል።

የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ሆይ፣ ረቂቃችሁን ከመፈረማችሁ በፊት ከሩቅ የሚመጣው ሠራተኛ ስንት ሰዓት ከቤቱ እንደሚነሳ ጠይቁ፣ የቀበሌውን የጸሐይ መውጫም ተመልከቱ፤ ማስታወቂያውም ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ይለጠፍ።