ከትርፉ በፊት የብድሩን ማብራሪያ ያንብቡ

የቁጠባና ብድር ማኅበር ዓመታዊ ሒሳብ በጠቅላላ ጉባኤ ሲቀርብ የአብዛኛው አባል ዓይን የሚያርፈው በትርፉ ላይ ነው። ትርፉ እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው ግን ከሪፖርቱ ኋላ በተራ ቁጥር በሰፈሩት ማብራሪያዎች ነው። እኔ ቀድሜ የምፈልገው የብድሩን ማብራሪያ ነው፤ የማኅበሩ ሀብት አብዛኛው ያለው እዚያ ነውና።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የማኅበሩ ሪፖርት 500,000 ብር ትርፍ ያሳያል። የብድሩ ማብራሪያ ሲገለጥ ደግሞ በአባላት እጅ ያለው ብድር 10,000,000 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 8,600,000 ብሩ በወቅቱ እየተከፈለ ነው። 800,000 ብሩ መክፈያው ካለፈ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ወር ሆኖታል፤ 600,000 ብሩ ከዓመት በላይ ሳይከፈል ቆይቷል። ማኅበሩ ለማይመለስ ብድር የያዘው መጠባበቂያ 200,000 ብር ብቻ ነው።

የዓለም የቁጠባና ብድር ማኅበራት ምክር ቤት መለኪያ ከዓመት በላይ ለዘገየ ብድር ሙሉውን፣ ከዓመት በታች ለዘገየው 35 በመቶውን በመጠባበቂያ መያዝ ይገባል ይላል። ስለዚህ 600,000 እና 280,000፣ በድምሩ 880,000 ብር ያስፈልጋል፤ የጎደለው 680,000 ብር ነው። ጉድለቱ ቢሞላ ኖሮ የ500,000 ብሩ ትርፍ ወደ 180,000 ብር ኪሳራ በተለወጠ ነበር። ጉባኤው በዚህ ትርፍ ላይ ክፍፍል ቢወስን የሚከፋፈለው የራሱ የአባላቱ ቁጠባ ነው።

የሒሳብ አያያዝ መርሆዎች የሚገለጹበት ማብራሪያም እዚህ ላይ ይጠቅማል። ወለድ የሚመዘገበው ጊዜው ሲደርስ ነው ወይስ ገንዘቡ ሲገባ? ጊዜው ሲደርስ ከሆነ፣ መክፈል ባቆመ ተበዳሪ ላይ የሚታሰበው ወለድ መቼ እንደሚቆም መጻፍ አለበት። ካልተጻፈ ያልተሰበሰበ ወለድ ትርፍ ተብሎ እየተቆጠረ ሊሆን ይችላል። የዘገየ ብድር ውሉ ታድሶ ከጤነኞቹ ጋር መቀላቀሉንም መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የታደሱት ብድሮች ለብቻቸው ካልተዘረዘሩ የመዘግየቱ መጠን ከእውነቱ አንሶ ይታያል።

በዕዳ በኩል ትልቁ የአባላት ቁጠባ ነው። መደበኛው ቁጠባ ብዙውን ጊዜ አባሉ ማኅበሩን እስኪለቅ ይቆያል፤ የፍላጎት ቁጠባ ግን ባለቤቱ ሲፈልግ ይወጣል። በምሳሌያችን ማኅበር የፍላጎት ቁጠባው 1,500,000 ብር፣ በባንክና በካዝና ያለው 400,000 ብር ቢሆን፣ የትምህርት ቤት ክፍያ በሚደርስበት መስከረም ብዙ አባላት በአንድ ጊዜ ቢመጡ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ሥራ አመራሩ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ ነው፤ መልሱ የባንክ ብድር ከሆነ መጠኑና ወለዱ በማብራሪያው ውስጥ ሊገኝ ይገባል።