የኪራይ ገቢን በድርሻ፦ ሪት ትርፉን ለምን ይዞ አያስቀምጥም?

ከአዲስ አበባ በአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩ ሲወጣ ግራና ቀኙ ላይ አንድ ዓይነት ሕንፃ ይደጋገማል፤ ምድር ቤቱ ተከራይቶ ሱቆቹ ሲሠሩ ከላይ ያለው ወለል ገና ፌሮው ወደ ሰማይ እንደቆመ ነው። ባለቤቱ የምድር ቤቱን ኪራይ እያጠራቀመ ቀጣዩን ወለል ይሞላል። አሠራሩ አስተዋይነት የሞላበት ነው፤ ሆኖም የሚችለው ቦታ ያለውና የመጀመሪያውን ወለል የሚያቆም ገንዘብ ያለው ሰው ብቻ ነው። የሪል እስቴት ኢንቨስትመንት ትረስት፣ በአጭሩ ሪት የሚባለው ተቋም፣ ቦታም ሕንፃም የሌላቸው ብዙ ሰዎች ገንዘባቸውን አዋጥተው የሚከራዩ ሕንፃዎችን በጋራ እንዲይዙና ኪራዩን በየድርሻቸው እንዲካፈሉ የሚያደርግ ነው። ከቡራዩው ባለሕንፃ የሚለየው ኪራዩን ለቀጣዩ ወለል እንዲያጠራቅም ባለመፈቀዱ ነው፤ አብዛኛውን ትርፍ በየዓመቱ ለባለድርሻዎች ማከፋፈል አለበት።

ግዴታው የመነጨው ከግብር ነው። ተራ አክሲዮን ማኅበር 100 ብር ሲያተርፍ 30 ብሩን የትርፍ ግብር ይከፍላል። ቀሪው 70 ብር ለባለአክሲዮኖች ሲከፋፈል፣ የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 ሲወጣ በነበረው 10 በመቶ የትርፍ ድርሻ ግብር፣ 7 ብር ይቀነስና እጃቸው የሚገባው 63 ብር ይሆናል። ሕንፃውን በግሉ የያዘ ሰው ግን የኪራይ ግብሩን የሚከፍለው አንዴ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከሌሎች ጋር አዋጥቶ የገዛ ሰው ሁለት ጊዜ ይቀረጣል ማለት ነው። አሜሪካኖች በ1960 እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በፈረሙት ሕግ ይህን ፈቱት፦ ትረስቱ ለባለድርሻዎቹ ባከፋፈለው ትርፍ ላይ ራሱ ግብር አይከፍልም፤ ግብሩን ተቀባዮቹ ይከፍላሉ። ነገር ግን ግብር የማይነካው ገንዘብ ካዝና ውስጥ እንዲከማች ቢፈቀድ ኖሮ ሪት የሀብታሞች መደበቂያ ይሆን ነበር። ስለዚህ ሕጉ ግብር ከሚከፈልበት ትርፍ ቢያንስ 90 በመቶው እንዲወጣ አዘዘ። ባለድርሻዎቹም ከ100 እንዳያንሱ፣ ከግማሽ የሚበልጠውም ድርሻ በአምስት ሰዎች ወይም ከዚያ ባነሱ እጅ እንዳይገባ ከለከለ።

«ታዲያ ሁሉን ካከፋፈለ ጣሪያው ሲያፈስ በምን ይጠግናል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ትርፍና ጥሬ ገንዘብ አንድ አለመሆናቸው ነው። በዓመት 10 ሚሊዮን ብር ኪራይ የሚያስገባ የቡራዩ ሕንፃ እናስብ። ለጥበቃ፣ ለጥገና፣ ለመድንና ለአስተዳደር 3 ሚሊዮን ወጣ እንበል። በሒሳብ መዝገብ ላይ ደግሞ ሕንፃው እያረጀ ስለሚሄድ 2 ሚሊዮን ብር የእርጅና ቅናሽ ይያዛል፤ ይህ ግን ማንም ከኪሱ የማይከፍለው ወጪ ነው። ስለዚህ ትርፉ 5 ሚሊዮን ቢሆንም በባንክ ያለው 7 ሚሊዮን ነው። ከትርፉ 90 በመቶ፣ ማለትም 4.5 ሚሊዮን፣ ለ100,000 ድርሻዎች ሲከፈል ለእያንዳንዱ 45 ብር ይደርሳል፤ 2.5 ሚሊዮን ብር ደግሞ ለቀለም፣ ለጣሪያና ለሊፍት ይቀራል። ለአዲስ ሕንፃ ግን አይበቃም። ሥራ አስኪያጁ ማስፋፋት ቢፈልግ መበደር ወይም አዲስ ድርሻ መሸጥ አለበት፤ ለዚያም ዕቅዱን ለገንዘቡ ባለቤቶች አቅርቦ ማሳመን ይጠበቅበታል። የአስገዳጁ ክፍያ ትልቁ ጥቅም ለእኔ ይኸው ነው። የቡራዩው ባለሕንፃ ፌሮውን አቁሞ ሲጠብቅ የሚጫወተው በራሱ ገንዘብ ነው፤ ሥራ አስኪያጅ ግን የሚወስነው በሌላ ሰው ገንዘብ ስለሆነ በየዓመቱ ወደ ባለቤቱ ተመልሶ ቢጠይቅ ይሻላል።

ክፍያው ግን የድርሻውን ዋጋ አይጠብቅም። በኬንያ የኪራይ ገቢ ለማግኘት የተቋቋሙ ሪቶች ከትርፋቸው ቢያንስ 80 በመቶውን ያከፋፍላሉ። በ2015 እ.ኤ.አ. በናይሮቢ ገበያ የተመዘገበው ፋሃሪ ለሕዝብ ሲሸጥ ድርሻው 20 ሺሊንግ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ከግማሽ በታች ወረደ፤ በ2024 ከዋናው ገበያ ወጣ። ከሀብቱ አብዛኛው በግሪንስፓን የገበያ ማዕከል ላይ የተንጠለጠለ ሲሆን ድርሻው በገበያ ላይ የሚዘዋወረውም በጥቂቱ ነበር። ስለዚህ ገዢ ከክፍያው መጠን በፊት ሊያየው የሚገባ ነገር አለ፦ ስንት ሕንፃ፣ ስንት ተከራይ፣ ውሉስ ስንት ዓመት ቀረው? ከተሰበሰበው ኪራይ ወጪው ተቀንሶ ከሚተርፈው የሚበልጥ ክፍያ ሲመጣም ገንዘቡ ከብድር ወይም ከንብረት ሽያጭ የመጣ ነው፤ ያ ደግሞ ባለድርሻው የራሱን ዋና ገንዘብ መልሶ እየበላ መሆኑን ያሳያል።

በእኛ አገር የካፒታል ገበያ አዋጅ 1248/2013 መሠረቱን ጥሏል፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም በጥር 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል። የሪት መገበያያ ቦታ እንግዲህ አለ። ወሳኙ የግብር ሕጉ ነው፤ ትረስቱ ባከፋፈለው ትርፍ ላይ ከ30 በመቶው ነፃ ካልወጣ፣ በስሙ ሪት ቢባልም በሥራው ተራ አክሲዮን ማኅበር ይሆናል፤ ባለድርሻውም ሁለት ጊዜ መቀረጡ ይቀጥላል። ሌላው ጥያቄ መሬት ነው። መሬቱ በሊዝ የተያዘ ስለሆነ ትረስቱ የሚገዛው የተወሰነ ዘመን ያለው መብት ነው፤ የሊዙ ዘመን እያጠረ ሲሄድም የድርሻው ዋጋ አብሮት ይወርዳል። በቡራዩ አንድ ሕንፃ ወደ ትረስት ሊገባ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠየቀው ካርታው በማን ስም እንዳለና ሊዙ ስንት ዓመት እንደቀረው ነው።