አረፋው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ወደ አሜሪካ ወይም ወደ ካናዳ ዩኒቨርሲቲ ለመምህርነት የሚያመለክት ሰው ከሲቪውና ከማመልከቻ ደብዳቤው ጋር ብዙ ጊዜ አንድ ተጨማሪ ጽሑፍ እንዲያስገባ ይጠየቃል። የማስተማር ፍልስፍና መግለጫ ይሉታል። ለረዳት መምህርነት የሚወዳደሩ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም አንዳንዴ ይጠየቁታል። በተለምዶ ከሁለት ገጽ አይበልጥም፤ አመልካቹ «እኔ» እያለ ስለ ራሱ ማስተማር የሚጽፈው ነው። አገራችን ውስጥ ለመምህርነት ሲቀጠር በአብዛኛው የሚታየው የትምህርት ማስረጃና ነጥብ፣ ከዚያም ፈተናና ቃለ መጠይቅ በመሆኑ፣ ከዚህ የሄደ አመልካች እንዲህ ያለ ወረቀት ሲጠየቅ ከየት እንደሚጀምር ግራ ይገባዋል።

አሁን ለማስተማር ሥራ እያመለከተች ያለች አንዲት የኬሚስትሪ ባለሙያ የመጀመሪያ ረቂቋን እንዳነብላት ላከችልኝ። አገር ቤት ሳለች ረዳት መምህር ሆና አንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ቲቶሪያል ታስተምር ነበር። ረቂቁ ንጹሕ ነው፤ የሰዋስው ስሕተት የለበትም። «ተማሪ ተኮር በሆነ መንገድ ማስተማር እንዳለብኝ አምናለሁ፤ ተማሪዎች በንቃት እንዲሳተፉ አበረታታለሁ፤ ተከታታይ ምዘና እጠቀማለሁ» ይላል። ተማሪ ተኮርና ተከታታይ ምዘና የሚሉትን ቃላት በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ በአገራችን ያላስተማረ እንኳ ያውቃቸዋል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ኬሚስትሪ የሚለውን አውጥቶ ታሪክ ወይም ሒሳብ ቢተኩበት አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ መቀየር አያስፈልግም። ክምር ማመልከቻ የሚያነብ ኮሚቴ ደግሞ ይህችን መምህርት ከሌላው የሚለይበትን ነገር ይፈልጋል።

በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያለው የመማር ማስተማር ምርምር ማዕከል እነዚህን መግለጫዎች ለመመዘን የሚረዳ መስፈርት አዘጋጅቷል። ብዙ አመልካቾች ይጠቀሙበታል፤ እኔም ለእሷ ያሳየኋት ይህንኑ ነው። መምህሩ ተማሪዎቹ ምን እንዲማሩ እንደሚፈልግ፣ ይህን በምን መንገድ እንደሚያደርግ፣ መማራቸውንም በምን እንደሚያውቅ ይጠይቃል። ልዩ ልዩ ዓይነት ተማሪዎችን እንዴት እንደሚያቅፍና የጽሑፉ አቀራረብም ይታያሉ። እኔ ካነበብኳቸው መግለጫዎች አብዛኞቹ የሚደክሙት ሦስተኛው ላይ ነው። ዓላማም ዘዴም ይጻፋል፤ ተማሪው መማሩ የታወቀበት መንገድ ግን ይዘለላል።

ስለዚህ ረቂቁን ትታ አንድ ነገር እንድትነግረኝ ጠየቅኋት፤ ክፍል ውስጥ የሆነ፣ ከዚያ በኋላ አስተማሪነቷን የቀየረ ነገር። ብዙም ሳታስብ ነገረችኝ።

የዕለቱ ርዕስ ውሃን ወደ እንፋሎት ለመቀየር የሚያስፈልገው ሙቀት ነበር። 18 ግራም የፈላ ውሃ ሙሉ በሙሉ እንፋሎት እንዲሆን 41 ኪሎ ጁል ገደማ ይፈልጋል። ሰሌዳው ላይ አንድ ምሳሌ ሠራች፤ ተማሪዎቹም የየራሳቸውን ሠሩ። በየወንበሩ እየዞረች ስታይ መልሱ ትክክል ነው። ወደሚቀጥለው ልታልፍ ስትል ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ውሃው ሲፈላ ሃይድሮጅኑ የሚወጣ ከሆነ ለምን በእሳቱ አይቀጣጠልም?»

ክፍሉ ሳቀ። እሷ ግን ልጁ ሒሳቡን በትክክል ከሠሩት አንዱ እንደነበር አይታለች። ሳቁን አስቆመችና ለሁሉም ቁራጭ ወረቀት አውጡ አለቻቸው። ስም አይጻፍበትም። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ ድስት ላይ ውሃ እየተንተከተከ ነው፣ አረፋው ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ወረቀቶቹን ሰብስባ እዚያው አየቻቸው። «የውሃ እንፋሎት» ያሉት ግማሽ እንኳ አይሞሉም። ብዙዎቹ «አየር» ብለዋል፤ ሌሎች «ሃይድሮጅንና ኦክስጅን»፤ አንዳንዶች ደግሞ «ሙቀት»። የሳቁት ልጆች ከጠያቂው የተሻለ አያውቁም ነበር።

ይህ የዚያ ክፍል ብቻ ጉድለት አይደለም። ኦዝቦርንና ኮስግሮቭ የተባሉ ተመራማሪዎች በኒው ዚላንድ ተማሪዎች ላይ አድርገው በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ጥያቄ ሲጠይቁ ተመሳሳይ መልሶች አግኝተዋል። ከዚያም ወዲህ በአሜሪካ የኬሚስትሪ ድኅረ ምረቃ ትምህርት ከሚጀምሩ ተማሪዎች መካከል እንኳ አየር ወይም ኦክስጅን የሚሉ ተገኝተዋል። ቀመሩን መሥራትና ውሃው ምን እየሆነ እንዳለ ማየት ለየብቻ የሚሄዱ ነገሮች ናቸው።

መልሱን ብትነግራቸው ሊጽፉትና ሊያልፉት ይችሉ ነበር። አልነገረቻቸውም። ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ተከራከሩ፣ የራሳችሁ ሐሳብ ልክ ቢሆን ድስቱ ላይ ምን ማየት እንደነበረባችሁ ተናገሩ አለቻቸው። ክርክሩ ሲካሄድ አንዲት ልጅ ድስቱ ግማሽ ሰዓት ቢፈላ ውሃው ሊያልቅ እንደሚችል አነሣች፤ አየር ከሆነ ይህን ሁሉ አየር ከየት አመጣው? ሌላው ደግሞ እሳቱ ገና ሲለኮስ ድስቱ ግድግዳ ላይ ስለሚለጠፉት ትንንሽ አረፋዎች ጠየቀ። እነሱ በእርግጥ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ የነበረ አየር ናቸው፤ ውሃው ሲሞቅ ይወጣል። «አየር» ያሉት ከመሬት ተነሥተው አልነበረም። ያዩትን ነገር ነው ውሃው ከፈላም በኋላ የቀጠለ የመሰላቸው።

የሃይድሮጅኑን ጥያቄ የፈታው ግን ሰሌዳው ላይ የነበረው ቁጥር ነው። 18 ግራም ውሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ለመበተን 286 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል። ይህን ከ41ዱ አጠገብ ጻፈችው። ሰባት እጥፍ ይጠጋል። ምድጃው የከፈለው ሞለኪውሎቹን እርስ በርስ ለማለያየት የሚበቃውን ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ሞለኪውል ውስጥ ሃይድሮጅኑን ከኦክስጅኑ ነጥሎ ለማውጣት አይበቃም። ተማሪዎቹ ሁሉ ያን 41 በእጃቸው አውጥተውታል፤ ምን እንደሚል ግን አልጠየቁትም ነበር። «ሃይድሮጅን ቢሆን ኖሮ ማእድ ቤት ሁሉ ይፈነዳ ነበር» አለ ራሱ የጠየቀው ልጅ።

እዚህ ድረስ ያለው ጥሩ ታሪክ ነው። ለመግለጫ የሚሆን ያደረገው ግን ከዚያ በኋላ ያደረገችው ነው። በሚቀጥለው ፈተና ስለሚፈላ ውሃ አልጠየቀችም፤ የዕለቱን መልስ ሸምድዶ መጻፍ ይቻላልና። ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ሲደርቅ ውሃው የት እንደሚሄድ በሥዕል እንዲያሳዩ ጠየቀች፤ ቅንጣቶቹ ልብሱ ላይ ሳሉና ከሄዱ በኋላ። አብዛኞቹ ያልተበተነ የውሃ ሞለኪውል ሣሉ። ጥቂቶች ግን አሁንም አተሞቹን ለየብቻ በትነው ሣሉ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በስሌት ጥያቄዎቿ አጠገብ አንዲት የሥዕል ጥያቄ ታስቀምጣለች።

በድጋሚ ስትጽፍ ታሪኩን ከገጹ አንድ ሦስተኛ እንዳያልፍ አደረገች። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ዋናው አንቀጽ በአማርኛ ሲሆን እንዲህ ይላል፦ «ተማሪዎቼ ቁጥር ሲያወጡ ቁጥሩ ስለ ቅንጣቶቹ ምን እንደሚል መናገር እንዲችሉ እፈልጋለሁ። አንድ ተማሪ የሚፈላ ውሃ ለምን እንደማይቀጣጠል ሲጠይቀኝ፣ ስሌቱን በትክክል የሠሩት ብዙዎቹ አረፋው ውስጥ ያለውን እንደማያውቁ አየሁ። ስለዚህ መልሱን ከመስጠቴ በፊት ሁሉም ግምቱን ስም ሳይጽፍ እንዲያስቀምጥና እንዲከራከርበት አደርጋለሁ። መረዳታቸውንም በክፍል ውስጥ ባልተነሣ ሁኔታ፣ በሥዕል እፈትናለሁ።» ተማሪ ተኮር የሚለው ቃል የትም የለም። ስም የሌለበት ወረቀት ደግሞ ልዩ ልዩ ተማሪዎችን ስለማቀፍ ለሚጠየቀው መልስ ሆነ፤ ሳቅ የሚፈራ ተማሪም ግምቱን ያስቀምጣልና።

የተወሰኑ ነገሮች እንዲወጡ መከርኋት። የልጁ ስምና ከየት አካባቢ እንደመጣ ነበረበት፤ ወጣ። ለነጥቡ አያስፈልግም፣ ልጁም አልፈቀደም። መጨረሻ ላይ «ሁሉም ገባቸው» የሚል ነበር፤ በሱ ቦታ ጥቂቶቹ አተሙን በትነው መሣላቸው ገባ። ይህን ስነግራት ድክመቴን ለምን ላሳይ ብላ ተከራክራኝ ነበር። እኔ ግን መምህርት የፈተና ወረቀቷን በትክክል እንዳነበበች ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አይታየኝም። ሁሉም ተማሪ የገባው ታሪክ የሚያነብ ኮሚቴ መጀመሪያ የሚጠይቀው በምን አወቅሽ ብሎ ነው።

አንድ ክፍል ውስጥ የሆነ ነገር ዘዴው በሁሉም ቦታ እንደሚሠራ አያረጋግጥም። መግለጫውም እንዲህ ማለት የለበትም። ቲቶሪያል ብቻ ያስተማረ ሰው ከቲቶሪያል፣ ላብ ያስተማረ ከላብ፣ ሰፈር ውስጥ ማጠናከሪያ የሰጠም ከዚያ ማምጣት ይችላል፤ ተማሪው ምን እንዳለ፣ መምህሩ ምን እንዳደረገና በኋላ ምን እንደታየ ካለበት ይበቃል። የተፈጠረ ታሪክ ግን ቃለ መጠይቅ ላይ ይጋለጣል፤ ጠያቂዎቹ የሚይዙት ያንኑ ታሪክ ነውና።

እሷንም በዚያው ያዟት። አንድ የኮሚቴ አባል 200 ተማሪ ባለበት አዳራሽ ወረቀት ሰብስበሽ ልታነቢ ነው ወይ አላት። አልሰበስብም አለች። በሃርቫርድ ፊዚክስ የሚያስተምረው ኤሪክ ማዙር ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ እንደሚያደርገው፣ ጥያቄውን በምርጫ ታቀርባለች፤ ተማሪው ብቻውን ይመርጣል፣ ከጎኑ ካለው ጋር ይከራከራል፣ እንደገና ይመርጣል። ምርጫዎቹን ግን ከራሷ አታወጣም። «አየር»፣ «ሃይድሮጅንና ኦክስጅን»፣ «ሙቀት» የሚሉት በዚያች ቲቶሪያል ተማሪዎች በእጃቸው የጻፏቸው ናቸው። ሥዕሉን ለ200 ሰው ማረም እንደማይቻልም ነገረቻቸው፤ ለዚያ የአንድ ቲቶሪያል ክፍል ወረቀቶችን ወስዳ፣ ከረዳት መምህራኑ ጋር አንብባ፣ የሚቀጥለውን ሌክቸር በዚያ ላይ ታዘጋጃለች።